ከሲልቨር ስፕሪንግ ለደሴ፦ የገና ቪዲዮ ምን ይበል?

በገና ሰሞን ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ አገሮች ወደ ኢትዮጵያ የሚላኩት የቤተሰብ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ። ቤተሰቡ የሐበሻ ልብሱን ለብሶ ሶፋ ላይ ይደረደራል። አባት «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ» ይላል። እናት ያንኑ ትደግማለች። ትልቁ ልጅ ያንኑ ይላል፤ ተከታይዋ ግማሹ ላይ ስትደርስ ሳቅ ያመልጣታል፤ ትንሹ «በል እንጂ!» ሲባል ትራስ ሥር ይደበቃል። አራት ደቂቃ ያልቃል። ደሴ ተቀምጠው የሚያዩት አያት መልካም ምኞቱን ደጋግመው ሰምተዋል፤ የልጅ ልጃቸው ስንተኛ ክፍል እንደገባ ግን አልሰሙም።

ጥፋቱ የፍቅር ማነስ አይደለም። ማን ምን እንደሚል አስቀድሞ ያሰበበት ሰው ስለሌለ፣ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ስልኩ ፊት ይቀርባል። አንድ ገጽ የማይሞላ ስክሪፕት ይህን ያስቀራል።

ስክሪፕት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ያማረ ንግግር ነው። ለበዓል ቪዲዮ የሚያስፈልገው ግን እሱ አይደለም፤ ይልቁንም ማን ለማን፣ በምን ተራ፣ ምን አዲስ ነገር ይናገራል የሚለው ነው። ናፍቆቱን አገር ቤት ያሉት ያውቁታል። የማያውቁት የልጁ ጥርስ ላይ የሚያብረቀርቀው ብረት ምን እንደሆነና ትልቋ ልጅ ከፎቶው ለምን እንደጠፋች ነው።

ከስልኩ በፊት ካሴት ነበር። በደርግ ዘመን ከአገር የወጡ ብዙዎች ድምፃቸውን ቀድተው አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ይልኩ ነበር። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ፊቱ 30 ደቂቃ ይይዛል፤ ያን ሁሉ በምኞት ብቻ መሙላት አይቻልምና ሰው ወደደም ጠላም ስለ ሥራው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጎረቤቱ ያወራ ነበር። የዛሬው ሰው በየሳምንቱ ስለሚደውል ወሬው በስልክ ያልቃል። ስለዚህ ቪዲዮው የሚጠቅመው ስልክ የማያደርሰውን፣ ማለትም ለዓይን የሚሆነውን ሲይዝ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ምሳሌው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም፤ ከብዙ ቤት የተውጣጣ ነው። አባትና እናት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ይኖራሉ። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ በሌላ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ናት፣ መካከለኛው 12 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 6 ዓመቷ ነው። ደሴ ያሉት የአባትየው እናት፣ ታላቅ ወንድሙ፣ እህቱና የእነሱ ልጆች ናቸው። የታላቅ ወንድሙ ባለቤት በጥቅምት አርፈዋል። በዓሉ የ2018 ዓ.ም. ገና ነው፤ ረቡዕ ቀን ዋለ። ረቡዕ አሜሪካ የሥራ ቀን በመሆኑ ቤተሰቡ የሚቀርጸው ከዚያ በፊት ባለው እሑድ፣ ታኅሣሥ 26 ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወጥመድ አለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። አሜሪካ ያለ ቤተሰብ በዲሴምበር 25 ሥራና ትምህርት ስለሚዘጋ «በዚያው እንቅረጸው» ይላል፤ ጥዱን አብርቶ፣ ዶሮ ወጡን አቅርቦ፣ ጎርሶ አጉርሶ ይቀርጻል። ቪዲዮው ደሴ የሚደርሰው ግን አያት በጾም ላይ እያሉ ነው። ክፉ ቃል ላይናገሩ ይችላሉ፤ «ልጄ ጾሙን ተወው» የሚለው ሐሳብ ግን ከበዓሉ አልፎ ይቆያል። በጾም የሚቀርጽ ሰው ገበታውን የጾም ያድርገው፤ አለዚያም ገበታውን ትቶ ቡናውን፣ ድፎ ዳቦውን ወይም የሚከተፈውን ሽንኩርት ያሳይ። ለፋሲካም ያው ነው፤ እንዲያውም የበለጠ ይጠነክራል።

ሁለተኛው ወጥመድ «ዛሬ» የምትለው ቃል ናት። እሑድ ተቀርጾ ረቡዕ በሚታይ ቪዲዮ «ዛሬ ማታ እንደውላለን» ቢባል ደሴ ያለው ቤተሰብ ረቡዕ ማታ ስልኩን ከብቦ ይቀመጣል፤ ተናጋሪው ያሰበው የትኛውን ማታ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስክሪፕቱ ቀኑን በስሙ፣ ሰዓቱንም በአገር ቤት ሰዓት ይጥራ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ስልክ መደወል ያስፈልጋል። ደሴ ያለ አንድ ጠንቃቃ ሰው፣ ለምሳሌ የእህትየው ትልቅ ልጅ፣ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ማን ታሟል፣ ማን ሐዘን ላይ ነው፣ ምን ያልተነገረ ነገር አለ። የመጨረሻው ከሁሉም ይብሳል። መርዶ በእኛ አገር ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ብዙ ጊዜ በማለዳ የሚነገር ነገር ነው። ውጭ አገር ያለው ሰው ዜናውን በስልክ ቀድሞ ሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ የሟቹ እህት አንድ ግቢ ውስጥ ሆና ገና አልተነገራትም ይሆናል። አንድ ሰው በቪዲዮ ላይ «ነፍሱን ይማረውና» ብሎ የሞቀውን የበዓል ቤት ወደ ለቅሶ ቤት መቀየሩ በሐሳብ የሚፈራ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በስክሪፕቱ የሚጠሩት ስሞች ሁሉ በዚህ ሰው በኩል አልፈው ይታዩ።

በምሳሌያችን ሐዘኑ የታወቀ ነው። እንዲያም ሆኖ ጥያቄ አለ፦ የታላቅ ወንድምየው ሐዘን ይነሳ ወይስ ይታለፍ? ዝም ብሎ ማለፍ ያስቀይማል፤ ሐዘኑን ማብዛት ደግሞ አያትን ከማስለቀስ በቀር ጥቅም የለውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ቦታውም መጀመሪያ ላይ ወይም መጨረሻ ላይ ሳይሆን መሀል ላይ ነው። እልልታና ዘፈን ግን ይቅር። ሐዘን በሌለበት ቤትም ቢሆን ከንግግር ሥር የሚገባ ሙዚቃ ጆሯቸው ለደከመ ሰዎች ንግግሩን ያጠፋዋል።

እንግዲህ ስክሪፕቱ ይህን ይመስላል።

አባት፦ እማማ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎት። ጋሼ፣ እታለም፣ ልጆች፣ እናንተንም እንኳን አደረሳችሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ትልቋ ትምህርቷ ጋ ናት፤ ለብቻዋ ቀርጻ ልካለች፣ ከእኛ ቀጥላ ታዩዋታላችሁ።

እናት፦ እማማ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? በሰው የላኩልን በርበሬ ደርሶናል፤ ለበዓሉ ዶሮ ያስቀመጥኩት እሱን ነው። ይህን የምንቀርጸው እሑድ ነው፣ ጾም ላይ ነን፤ ለጊዜው ሽንኩርቱን ይዩልኝ።

ልጅ፦ አያቴ፣ ሰባተኛ ክፍል ገብቻለሁ። ይህ ጥርሴ ላይ ያለው ብረት ጥርሴን ለማስተካከል ነው። አያምም። በሚቀጥለው ዓመት ይወልቃል።

ትንሿ፦ አያቴ፣ ይሄ የእርስዎ ቤት ነው። እኔ ነኝ የሣልኩት።

አባት፦ ጋሼ፣ የዘንድሮው በዓል ለእርስዎ እንደ ወትሮው እንዳልሆነ እናውቃለን። ነፍሷን ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት።

እናት፦ በበዓሉ ቀን፣ ረቡዕ፣ በእናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንደውላለን። ስልኩን ቻርጅ አድርጉት።

ሁሉም፦ መልካም በዓል!

ረጋ ብሎ ቢነበብ፣ የትንሿ ሥዕል የሚታይበት ጊዜ ተጨምሮ፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ብዙም አያልፍም። የመልካም ምኞቱ ቃል የተባለው አንድ ጊዜ ነው፤ የተናገረውም የቤቱ ልጅ፣ አባትየው ነው። የተጠሩት በዕድሜ ተራቸው ነው፤ እናት ቀድመው፣ ታላቅ ወንድም ተከትሎ፣ እህት ከዚያ። ይህ ተራ ቢዛነፍ የሚያስተውል ሰው ደሴ ውስጥ አይጠፋም።

«ትልቋ ትምህርቷ ጋ ናት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ከሁሉም የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አገር ቤት ያለ ዘመድ ቪዲዮ ሲያይ መጀመሪያ የሚቆጥረው ሰው ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ምክንያቱን ራሱ ይፈጥርለታል፦ ታሞ ነው፣ ተጣልተው ነው፣ አስረውት ነው። ማታ ሥራ ያለበት ባል፣ ተኝቶ ያለ ሕፃን፣ ቪዲዮ የሚጠላ ጎረምሳ፣ ሁሉም በአንድ ሐረግ ምክንያታቸው ይነገርላቸው። ከዚያ በኋላ የሚታየው መልክ ነው። «ከስታለች»፣ «ፀጉሩን ሽበት ወረረው» የሚለው አስተያየት ቪዲዮው ሳያልቅ ይጀመራል። የጥርሱ ብረት በስክሪፕቱ የገባው ለዚሁ ነው፤ ባይነገር ኖሮ ከቪዲዮው ቀርቶ የሚወራው እሱ ብቻ ይሆን ነበር።

የእናትየው ንግግር ደግሞ ፍቅርን ያለ እንባ እንዴት መናገር እንደሚቻል ያሳያል። «በጣም ነው የምንወድዎት፣ በጣም ነው የናፈቁን» አላለችም። ጉልበታቸውን ጠየቀች፤ ያዘጋጁትን በርበሬ ከምን እንዳዋለችው ነገረቻቸው። አያት በርበሬያቸው ዘንድሮ አሜሪካ ድስት ውስጥ እንደሚገባ ሲሰሙ ለጎረቤት የሚናገሩት ነገር አገኙ። ናፍቆት ይነሳ ከተባለም አንዴ ብቻ ይነሳ፤ ድምፅ እስኪሰበር ድረስ አይሁን። በስክሪን የሚያለቅስ ልጅ ያየች እናት በዓሉን ሙሉ «ምን ሆኖ ነው?» ስትል ትውላለች።

በስክሪፕቱ ውስጥ ሆን ተብለው የቀሩ ነገሮችም አሉ። ስለ ገንዘብ አንድም ቃል የለም። ቪዲዮው አንድ ሰው ብቻ አይቶት የሚቀር አይደለም፤ ጎረቤት ለቡና ሲመጣ ይከፈታል፣ በቴሌግራም ለአክስት ይተላለፋል። «የላክነው ብር ደረሳችሁ?» የሚል ጥያቄ በዚህ ሁሉ ጆሮ ፊት ተቀባዩን ያሳፍራል፤ ያልደረሰውን ዘመድም ያስቀይማል። «በሚቀጥለው ዓመት እንመጣለን» የሚልም የለም። ትኬቱ ካልተቆረጠ ያ ቃል በአያት ዘንድ እንደ ቀጠሮ ይያዛል፤ ዓመቱን ሙሉ ይቆጠራል።

የልጆቹ ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ውጭ ያደገ ልጅ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም ይባላል፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲሰጡት በቃሉ ይይዘውና እንደ መዝሙር ይወርደዋል፣ ወይም መሀል ላይ ይጠፋበታል። ለ12 ዓመቱ ልጅ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች የተሰጡት ለዚህ ነው፤ ስለ ራሱ ስለሆኑም አይረሳቸውም። ለትንሿ የተሰጣት በእጇ የሚያዝ ነገር ነው። ሥዕሏን ይዛ የቀረበች ልጅ ትራስ ሥር አትገባም። «እርስዎ» ማለት ለእንዲህ ያሉ ልጆች ከሁሉም የሚከብዳቸው ነው፤ «አንቺ» ቢያመልጣቸው ደግሞ አያት ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። ስለዚህ ለአንድ ቃል ተብሎ ደጋግሞ መቅረጽ አያስፈልግም። ልጅ በተደጋጋሚ ሲታረም ፊቱ ይጠቁራል፤ አያት ደግሞ የሚያዩት ፊቱን ነው።

ቀረጻው ላይ ከሥዕሉ ይልቅ ድምፁ ነው የሚበላሸው። ስልኩን ማዶ አቁሞ አምስት ሰው ሶፋ ላይ ካስቀመጡ የሚሰማው የማቀዝቀዣውና የምድጃው አየር ማውጫ ጩኸት ነው። ማውጫው ይጥፋ፣ ቴሌቪዥኑም ይዘጋ፤ ሁሉም አንድ ላይ የሚታዩት መጨረሻ ላይ «መልካም በዓል» ሲሉ ብቻ ይሁን። ሌላው ጊዜ ተናጋሪው ከስልኩ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ብቻውን ይቅረብ። መስኮት ከኋላ ከሆነ ፊት ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ ተናጋሪው ወደ መስኮቱ ፊቱን ያዙር።

ከዚያ መላኩ ይመጣል። አይፎን የሚቀርጽበት አዲሱ ዓይነት ፋይል በአንዳንድ የቆዩ ስልኮች ላይ አይከፈትም፤ ምልክቱ ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር መሆኑ ነው። ከመቅረጽ በፊት በስልኩ Settings ውስጥ Camera፣ ቀጥሎ Formats ተብሎ Most Compatible ቢመረጥ ይህ አይደርስም። በዚህ ምርጫ በ1080 ጥራት የተቀረጸ አንድ ደቂቃ ወደ 130 ሜጋባይት ይጠጋል፤ በ720 ጥራት ደግሞ ወደ 60። ለስልክ ስክሪን 720 ይበቃል። በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ መተግበሪያው ራሱ የበለጠ ያሳንሰዋል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን ሳይነካ በሙሉ ክብደቱ ይሄዳል። አያት የሚያዩበት ስልክ በጥቅል ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ያ ክብደት ከጥቅሉ ላይ የሚቀነስ መሆኑን ላኪው ያስብ።

ሰዓቱም ስሌት አለው። በገና ወራት ደሴ ከሜሪላንድ በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ በ7፣ ምክንያቱም አሜሪካኖች በበጋቸው ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል። ቤተሰቡ ማክሰኞ ማታ በ4 ሰዓት ቢልክ ደሴ ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ከቅዳሴ የተመለሰው ሰው ፈስኮ ጥቂት አርፎ ሲነሳ ቪዲዮው ይጠብቀዋል። በበዓል ጠዋት ሁሉም ስለሚደውል ኔትወርኩ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ እስከ ረፋዱ ማቆየት አይመከርም። እናትየው የቀጠረችው 10 ሰዓትም ለሜሪላንድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይሄዱ አይቀሩም፣ እሷ ግን ትገኛለች። ልጆቹም እንዲገኙ ከተፈለገ ቀጠሮው ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት እንዲሆን ቀደም ይበል። ቀደም ብሎ የተጠየቀው የእህት ልጅ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለው፦ ቪዲዮው ከበዓሉ በፊት ለእሱ ብቻ ይላክለትና ሥዕሉም ድምፁም መከፈቱን፣ የሚያስቀይም ነገርም አለመኖሩን ይመልስ።

ሁሉም ቤት ገናን አያከብርም። ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች የወሎ ልጅ ለዒድ ትቀርጻለች፤ እስራኤል ያለ ቤተሰብ ለስግድ ይቀርጽ ይሆናል። የጅዳዋ ከደሴ ጋር ሰዓቷ እኩል ነው፤ የዱባይዋ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ የሰዓት ስሌቱ ይቀልላቸዋል። የጅዳዋ ችግር ሌላ ነው፦ በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች የአሠሪዋ ሳሎን፣ የአሠሪዋ ልጆች ፎቶ ከኋላዋ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለባት፤ ግድግዳ ፊት መቆሙ ይሻላታል።

በስክሪፕቱ ላይ ቀን ለሚጽፍ ሰው አንድ ማሳሰቢያ ቀርቷል። ገና በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 አይውልም፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ነው። በፈረንጆቹ ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። በ2020 ዓ.ም. ታኅሣሥ 28 ይሆናልና የዚያን ዓመት ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ ከወዲሁ ይያዘው።